50 ኩንታል ስንዴ በጋራ ስንገዛ፦ የ58 ቀን የሥራ ማስታወሻ

ይህ የሰፈራችን ኅብረት ሥራ ማኅበር ባደረገው የጅምላ ግዢ ላይ ሒሳብ ያዥ ሆኜ በየዕለቱ የጻፍሁት ነው። ዋጋዎቹን በገንዘብ አልጻፍሁም። የአንድ ኪሎ ስንዴ የችርቻሮ ዋጋ 100 ነጥብ ነው ብዬ ሌላውን ሁሉ በእርሱ ለካሁት። ገበያው ቢለዋወጥም ሥሌቱ ለሌላ ሰው እንዲጠቅም ይህ ይሻላል። ኩንታል ስል 100 ኪሎ ማለቴ ነው።

ቀን 1

ዛሬ ምዝገባ ጀመርን። አንድ ወረቀት አዘጋጅቼ የቤተሰቡን ስም፣ የሚፈልገውን ኪሎና ፊርማ የሚሞላበት ሦስት ዓምድ አሰመርሁ። እስከ ማታ 44 ቤተሰቦች ተመዘገቡ፤ ድምሩ 53 ኩንታል ሆነ። ትልቁ ጥያቄ የ300 ኪሎ ነው፤ ትንሹ የ12 ኪሎ ተኩል። ሁሉም ደስ ብሎታል። እኔ ግን ወረቀቱን እንደ ትእዛዝ አልቆጠርሁትም፤ ገና ማንም ገንዘብ አላወጣም።

ቀን 4

ከሁለት አከፋፋዮች ዋጋ አመጣን። የመጀመሪያው አከፋፋይ ዋጋው በመጠን የሚለያይ ነው፦ ከ20 ኩንታል በላይ ለገዛ ኪሎው 91 ነጥብ፣ 50 ኩንታልና ከዚያ በላይ ለገዛ 84 ነጥብ። ሁለተኛው ደግሞ ለ50 ኩንታል 81 ነጥብ አለን። የኮሚቴው አባላት ወዲያው ወደ ሁለተኛው አዘነበሉ። ከሁለቱም ናሙና ሳናይ እንዳንወስን ለመንሁ፤ ተስማሙ።

ቀን 6

ናሙናውን የቀዳነው ከጆንያው አፍ ላይ አይደለም። ከአፉ ላይ የሚታየው እህል ብዙ ጊዜ የተመረጠው ነው። ጫፉ ሾጣጣ የሆነ ባዶ ቱቦ ወደ ጆንያው ጎን እስከ መሐሉ ሰክተን፣ ከላይ፣ ከመሐልና ከታች አወጣን። ከየአከፋፋዩ ስድስት ጆንያ ነካን። እጄንም እስከ ክርኔ አስገብቼ ሙቀቱን ዳሰስሁ። ውስጡ የሚሞቅ እህል ወይ እርጥብ ነው ወይ ተባይ አለበት።

የእርጥበት መለኪያ መሣሪያ ስላልነበረን በጨው ሞከርን። ደረቅ ክዳን ያለው የመስታወት ማሰሮ ሲሶውን በእህል እንሞላለን፣ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ በደንብ የደረቀ ጨው እንጨምራለን፣ ደኅና አድርገን እንንጠዋለን፣ ከዚያ ሩብ ሰዓት እናቆየዋለን። ጨው በመስታወቱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ካልተለጠፈ ከዚያ በታች ነው። የመጀመሪያው አከፋፋይ ማሰሮ ንጹሕ ሆኖ ቀረ። የሁለተኛው ግድግዳ በጨው ነጣ።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን ናሙናዎች መሣሪያ ወዳለው ሰው ወስደን አስለካን፤ አንዱ 12 በመቶ፣ ሌላው 16 በመቶ ሆነ። አሁን የ81 ነጥቡ ዋጋ በእርግጥ ርካሽ መሆን አለመሆኑን ማስላት ይቻላል። የእህሉ ደረቅ ክፍል አይለወጥም፤ የሚሄደው ውኃው ብቻ ነው። 100 ኪሎ 16 በመቶ እርጥበት ያለው ስንዴ ውስጥ 84 ኪሎ ደረቅ ነገር አለ። ይህ ስንዴ ደርቆ ወደ 12 በመቶ ሲወርድ 84 ኪሎው ከጠቅላላው 88 በመቶ ይሆናል፤ ስለዚህ ጠቅላላ ክብደቱ 84 ሲካፈል ለ0.88፣ ማለትም 95 ኪሎ ተኩል ገደማ ይሆናል። አራት ኪሎ ተኩል ውኃ በስንዴ ዋጋ ልንገዛ ነበር። በ81 ነጥብ የተገዛው ኪሎ ሲደርቅ ወደ 85 ነጥብ ይጠጋል፤ ከ84ቱ ይበልጣል። ያም እስኪደርቅ ድረስ ሻጋታ ካላበላሸው ነው። የመጀመሪያውን አከፋፋይ መረጥን፤ ከ81 ነጥቡ ጋር የቆሙት አባላትም ማሰሮዎቹን ጎን ለጎን ካዩ በኋላ አልተከራከሩም።

ቀን 9

ቅድሚያ ክፍያ መሰብሰብ ጀመርን፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ 40 ነጥብ። አምስት ቤተሰቦች ወጡ። አንዱ ቤተሰብ ቤት እየቀየረ ነው፤ ሌሎቹ ገንዘቡ በዚህ ሳምንት አልተመቻቸውም። ማንንም አልወቀስንም። 39 ቤተሰቦች ቀሩ፤ ድምሩ 47 ኩንታል ነው። በወረቀት የነበረው 53 ገንዘብ ሲጠየቅበት 47 ሆነ ማለት ነው። አከፋፋዩ ጋ በ53 ተማምነን ብንፈርም ኖሮ የስድስት ኩንታል ዕዳ ይዘን እንቀር ነበር።

ቀን 10

የ50 ኩንታሉ ዋጋ ሦስት ኩንታል ጎደለው። በስብሰባው አንድ አዛውንት አባል፣ «ያለንን 47 ገዝተን በ91 እንርካ፤ ያላዘዝነውን እህል ለምን እንሸከማለን?» አሉ። ሐሳባቸው ጥንቃቄ ስለሆነ አክብሬ ሰማሁ፤ ከዚያ ሁለቱን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፍሁ።

47 ኩንታል በ91 ሲገዛ 427,700 ነጥብ ይሆናል። 50 ኩንታል በ84 ሲገዛ 420,000 ነጥብ ይሆናል። ብዙው ከጥቂቱ ይረክሳል! ምክንያቱ ቅናሹ ከ50ኛው ኩንታል በኋላ ላለው ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ኪሎ ጀምሮ ለሁሉም የሚታሰብ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ደረጃ ባለበት ዋጋ ሁልጊዜ ከደረጃው ትንሽ ዝቅ ብሎ ከፍ ያለው መጠን የሚያዋጣበት ቦታ አለ። የእኛውን ለማግኘት 420,000ን ለ91 አካፈልሁ፤ 4,615 ኪሎ ገደማ መጣ። የተከፈለበት ትእዛዝ ከ46 ኩንታል ከ15 ኪሎ ካለፈ 50 መግዛት ይሻላል፤ ከዚያ በታች ከሆነ ባለው መጠን መቆም ይሻላል። ትርፉን ሦስት ኩንታል ብንጥለው እንኳ አንከስርም፤ አንጥለውም ደግሞ።

አዛውንቱ ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው በእጃቸው አባዙት። ሲጨርሱ፣ «ልክ ነው፤ 50 ይሁን» አሉ። ይህን 4,615 የሚል ቁጥር አስታውሱልኝ፤ ወደ ኋላ ላይ የትናንሾቹን ቤተሰቦች ድርሻ የሚያስረዳው እርሱ ነው።

ቀን 12

ጊዜያዊ ዋጋ መወሰን ነበረብን። ብዙዎች ኪሎው በ90 ነጥብ ይሁን አሉ፤ 84 የእህሉ፣ ጥቂት ደግሞ የማጓጓዣው። እኔ 97 እንዲሆን ጠየቅሁ፣ ማለትም ከችርቻሮው 3 ነጥብ ብቻ ዝቅ ያለ። ጥቂቶች ቅር አላቸው፤ «ቅናሹ የት ሄደ?» አሉኝ።

ቅናሹ ገና አልተወለደም። መኪናው፣ ጫኝና አውራጁ፣ ከረጢቱ፣ የሚዛን ጉድለቱ ሳይታወቅ ይህን ያህል አተረፍን ማለት አይቻልም። ከዚያ በላይ ደግሞ የገንዘብ ጥያቄ አለ፤ አከፋፋዩ የ50 ኩንታል ሙሉ ክፍያ ይፈልጋል፣ የሚከፍሉት ግን የ47 ኩንታል ሰዎች ናቸው። ለእህሉ 420,000፣ ለመኪናና ለማውረጃ 20,000 በድምሩ 440,000 ነጥብ ያስፈልጋል። 47 ኩንታል በ90 ቢከፈል 423,000 ብቻ ይመጣል፤ እህሉ በር ላይ ደርሶ ገንዘብ ያጥረን ነበር። በ97 ግን 455,900 ይመጣል። የተረፈው ሁሉ በሒሳብ መዝጊያው ለገዢው ይመለሳል ብለን በቃለ ጉባኤ ጻፍን። 

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ 28 መሥራቾች በ1844 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የከፈቱት የሸማቾች ሱቅ በገበያው ዋጋ እየሸጠ የተረፈውን በገዙት መጠን ለአባላቱ ይመልስ ነበር። ዋጋውን አስቀድሞ ከመቀነስ ይልቅ የተረፈውን በኋላ መመለስ ይሻላል የሚለው ብልሃት ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ሠርቷል።

ቀን 15

ቀሪው 57 ነጥብ ተሰበሰበ። ሁሉም ከፈሉ። ገንዘቡ በሁለት ፊርማ ብቻ ከሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ነው፤ ለእያንዳንዱ ከፋይ ደረሰኝ ሰጥቻለሁ።

ቀን 17

መኪናው መጣ። ይህን ቀን በዝርዝር እጽፋለሁ፤ ያጠፋነው እዚህ ነውና።

ጠዋት የተከራየነውን የመሬት ሚዛን ፈተሽን። ባዶ ጀሪካን መዘንን፣ ከዚያ በመለኪያ ጠርሙስ እየሰፈርን 20 ሊትር ንጹሕ ውኃ ሞላንበት። ልዩነቱ 20 ኪሎ ሆነ፤ ሚዛኑ ትክክል ነው። የዕቃ ቤቱ ወለል ላይ እርጥበት ወደ እህሉ እንዳይወጣ የእንጨት ርብራብ ዘርግተናል፤ ከግድግዳውም ክንድ ያህል አራቅነው።

ሾፌሩ ቸኮለ። ሌላ ቦታ የሚያወርደው ጭነት ነበረው። ከመኪናው ጫፍ ያሉትን አምስት ጆንያዎች መዘንን፤ እያንዳንዱ 50 ኪሎ ሞልቶ ነበር። በዚያ ተማምነን 100 ጆንያ ተረክበናል ብለን ፈረምን። ከዚያ በኋላ ሁሉንም አንድ በአንድ መዘንን። ከመሐልና ከሥር የነበሩት ብዙዎቹ 49 ኪሎ ተኩል፣ አንዳንዶቹም 49 ኪሎ ከሩብ ነበሩ። በተጨማሪ 50 ኪሎ የተባለው ጆንያውን ጨምሮ ነበር፤ የአንዱ ባዶ ጆንያ ክብደት 120 ግራም ነው።

ማታ ደመርሁት። የተጣራው እህል 4,962 ኪሎ ነው፤ 38 ኪሎ ጎድሏል። ከዚህ 12 ኪሎው የ100 ጆንያ ክብደት ነው፣ 26 ኪሎው ደግሞ እውነተኛ ጉድለት። ለአከፋፋዩ ስልክ ደወልን። መልሱ አጭር ነበር፦ የተፈረመ ርክክብ አለ። በእርግጥም አለ፤ ፊርማውም የእኔና የሊቀመንበራችን ነው።

ለሚቀጥለው ግዢ የጻፍሁት ይህ ነው። ፊርማው ከመጨረሻው ጆንያ በኋላ ይሆናል። ያ ካልተቻለ ቢያንስ አሥር ጆንያ ከጭነቱ ከየቦታው በዕጣ ተመርጦ ይመዘናል፣ አማካዩም በርክክቡ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ውሉ ላይም «የተጣራ ክብደት» የሚል ቃል ይገባል፤ ያ አንድ ቃል 12 ኪሎ ያድነናል።

ከስድስት ጆንያዎች አንድ አንድ ብርጭቆ እህል ወስጄ በክዳን ማሰሮ አሽጌ የጆንያውን ቁጥር ጻፍሁበት። ለምን እንደሆነ ወደፊት ይታያል።

ቀን 18 እና 19

ማከፋፈል። ዘጠኝ ሰዎች በፈቃዳቸው ሠሩ፤ አንዱ ይቀዳል፣ አንዱ ይመዝናል፣ አንዱ ይጽፋል፣ ሌሎቹ ይሸከማሉ። የሚመዝነውና የሚጽፈው ሰው የተለያዩ መሆናቸው ብዙ ክርክር አስቀረልን፤ መዛኙ ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ጸሐፊው ደግሞ ይመልስለታል፣ ወሳጁ ይሰማል።

አብዛኛውን በ25 ኪሎ ከረጢት ከፋፈልነው፤ ወደ 190 ጊዜ ያህል መዘንን። በመጀመሪያው ቀን ማታ የወጣውን ከገባው ጋር ሳመሳክር እህሉ ከሚገባው በላይ እየቀነሰ እንደሆነ አየሁ። በማግስቱ ጠዋት የተዘጋጁ አሥር ከረጢቶችን እንደገና መዘንሁ። ሁሉም 25 ኪሎ ከ80 ግራም አካባቢ ነበሩ። መዛኞቻችን ለሰው እንዳይጎድል ብለው ሚዛኑ 25 ላይ ሲደርስ አንድ እፍኝ ይጨምራሉ። ደግነት ነው፤ ነገር ግን 80 ግራም በ190 ሲባዛ 15 ኪሎ ይሆናል፣ ያ 15 ኪሎ ደግሞ ከሁሉም ተመላሽ ላይ ይቀነሳል። ቀሪዎቹን ለማስተካከል ዘግይተን ነበር፤ አብዛኛው ተወስዷል። ከፈሰሰውና ከተጠረገው 7 ኪሎ ጋር በማከፋፈል የጠፋው 22 ኪሎ ሆነ።

4,962 ሲቀነስ 22፣ 4,940 ኪሎ። ለ39ኙ ቤተሰቦች 4,700 ተሰጠ። 240 ኪሎ ቀረ፤ 300 እንዲቀር አስበን ነበር።

ቀን 21

ቀሪውን 240 ኪሎ ቀደም ሲል ከግዢው ለወጡት አምስት ቤተሰቦችና ለሌሎች ጎረቤቶች አቀረብን። በስንት እንሽጥ የሚለው ላይ ጥቂት ተነጋገርን። በወጪው ዋጋ ብንሸጥላቸው ቀድመው ገንዘባቸውን ያሰሩት 39 ቤተሰቦች ከኋላ ከመጣው እኩል ይሆናሉ፤ ሌላ ጊዜ ማን ቀድሞ ይከፍላል? በችርቻሮው ዋጋ ብንሸጥ ደግሞ ጎረቤትን ማትረፊያ ማድረግ ነው። 92 ነጥብ ወሰንን። በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ 22,080 ነጥብ ገባ።

ቀን 25

ሒሳቡን ዘጋሁ። የወጣው፦ ለእህሉ 420,000፣ ለመኪናና ለማውረጃ 20,000፣ ለከረጢት፣ ለገመድና ለሚዛን ኪራይ 4,700፤ በድምሩ 444,700 ነጥብ። የገባው፦ ከአባላቱ 455,900፣ ከቀሪው ሽያጭ 22,080፤ በድምሩ 477,980 ነጥብ። የተረፈው 33,280 ነው።

ወጪውን እጃችን ላይ በደረሰው 4,940 ኪሎ ሳካፍለው ኪሎው 90 ነጥብ ገደማ ወጣ። አከፋፋዩ በ84 የሸጠልን እህል ደጃችን ሲደርስ 90 ነው። አባላቱ 16 ነጥብ ቅናሽ አገኘን ብለው ነው የጀመሩት፤ ትክክለኛው ቁጠባ 10 ነጥብ ገደማ ነው። ልዩነቱን ማንም አልወሰደውም፤ አብዛኛው የመኪና ነው፣ ቀሪው የሚዛንና የከረጢት። ሆኖም ይህን በግልጽ ሠንጠረዥ ሠርቼ ካላሳየሁ ጥርጣሬ ይገባል፤ ስለዚህ ደረሰኞቹን ሁሉ ለጥፌ ስብሰባው በሚደረግበት ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀልሁት።

ዘጠኙ ሰዎች የሠሩበት ሰዓት በዚህ ሒሳብ ውስጥ የለም። በመዝገቡ ላይ ግን ሰዓቱን ጽፌዋለሁ፤ ከተረፈው ነጥብ ውስጥ ጥቂት የማይባለው የእነርሱ ጉልበት ነውና።

ቀን 28

የክፍፍል ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ፈጀ፤ ቢፈጅም አይቆጨኝም። መጀመሪያ ከተረፈው አንድ አሥረኛው፣ 3,328 ነጥብ፣ ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ያለ ክርክር ተወሰነ። ቀሪው 29,952 ነጥብ ለክፍፍል ቀረበ። ሦስት ሐሳብ ወጣ።

አንዲት እናት፣ «ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን ነው ያገኘነው፤ ለ39ኙ ቤት እኩል ይከፈል» አሉ። ሐሳቡ ለልብ ቅርብ ነው። ሠራሁት፤ ለእያንዳንዱ ቤት 768 ነጥብ ይደርሳል። 25 ኪሎ የወሰደ ቤተሰብ ለአንድ ኪሎ 30 ነጥብ ከግማሽ በላይ ይመለስለታል፤ የከፈለው ኪሎ ከ97 ወደ 66 ይወርዳል። አከፋፋዩ ራሱ በ84 ነው የሸጠው። ከ84 በታች የሆነው ሁሉ ከሌላ ጎረቤት ኪስ የመጣ እንጂ የግዢው ቁጠባ አይደለም። 300 ኪሎ የወሰደው ቤት ደግሞ ለኪሎው 2 ነጥብ ተኩል ብቻ ያገኛል፤ በሚቀጥለው ጊዜ ብቻውን ሄዶ ቢገዛ አይፈረድበትም። እናታችን ቁጥሩን ሲሰሙ ሐሳባቸውን አነሡ።

ሁለተኛው ሐሳብ ከትልልቆቹ ገዢዎች መጣ። አንዱ፣ «ተመላሹ በኪሎ ይሁን፤ ግን የከረጢቱና የሚዛኑ ወጪ በቤት ይከፈል። ለትንሹም ለትልቁም ስሙ ተጠርቶ፣ ተመዝኖ፣ ተጽፎ ነው የሚሰጠው» አለ። ጥያቄው አግባብ አለው፤ አንዳንድ ወጪ በኪሎ፣ አንዳንዱ በሰው ቁጥር ይጨምራልና። ይህንንም ሠራሁት። 4,700ው ወጪ ለ39 ቤት ሲካፈል 120 ነጥብ ተኩል ነው። በዚህ መንገድ 25 ኪሎ የወሰደው ቤት 64 ነጥብ ገደማ ይመለስለታል፤ ሁሉም በኪሎ ቢሆን ኖሮ 159 ያገኝ ነበር። ለ300 ኪሎው ቤት ደግሞ ከ1,912 ወደ 2,091 ከፍ ይላል።

እዚህ ላይ ቀን 10 የጻፍሁትን 4,615 አወጣሁ። ከ39ኙ ቤቶች 11ዱ የወሰዱት 25 ኪሎ ወይም ከዚያ በታች ነው፤ የሁሉም ድምር 250 ኪሎ ብቻ ነው። እነርሱ ባይኖሩ ትእዛዛችን 4,450 ኪሎ ይሆን ነበር፤ ከ4,615 በታች። ያን ጊዜ 50 ኩንታል መግዛት አያዋጣንም፤ በ91 ነበር የምንገዛው። የመኪናው ዋጋ አይቀንስም። ኪሎው ደጃችን ሲደርስ ከ96 ነጥብ በላይ ይሆን ነበር። ስለዚህ ትልልቆቹ ቤቶች ያገኙት ቁጠባ አብዛኛው የመጣው ትንንሾቹ 250 ኪሎ ትእዛዙን ከመስመሩ በላይ ስላሻገሩት ነው። ትልልቆቹም ባይኖሩ ትንንሾቹ 20 ኩንታል እንኳ አይደርሱም። ማን ምን ያህል አመጣ ብሎ ለመለየት ከሄድን ማንም ብቻውን ምንም አላመጣም።

ሐሳቡን ያቀረበው ሰው ጥቂት ዝም ብሎ፣ «እንግዲህ ሁሉም በኪሎ ይሁን» አለ። ሦስተኛው ሐሳብ ያ ነበር፤ በድምፅ ብልጫ አለፈ። ተመላሹ ለኪሎው 6 ነጥብ ከ37 መቶኛ ሆነ። አባል የሆነ ሰው የገዛበት የመጨረሻ ዋጋ 90 ነጥብ ከ63 መቶኛ ነው።

በዚሁ ስብሰባ አንዲት ወጣት አባል እኔ ያላሰብሁትን ጥያቄ ጠየቀች፦ «መጠባበቂያው የማን ነው? ነገ አዲስ ሰው ቢገባ እርሱም ይካፈላል?» መልስ አልነበረኝም። ተነጋግረን የ3,328ቱ ነጥብ ድርሻ በእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም፣ በወሰደው ኪሎ ልክ፣ በመዝገብ እንዲጻፍ ወሰንን። የሚወጣ ሰው ድርሻውን ይዞ ይወጣል፤ የሚገባው ከዜሮ ይጀምራል።

ቀን 30

ተመላሹ ተከፈለ። 39 ፊርማ።

ቀን 49

ያሸግኋቸውን ስድስት ማሰሮዎች አየሁ። በአምስቱ ምንም የለም። በአንዱ ሁለት ነቀዞች ይሄዳሉ፤ ሁለት ሦስት ፍሬም ክብ ቀዳዳ አለው። ማሰሮው እህሉ ከተራገፈበት ቀን ጀምሮ ተዘግቶ ነበር፤ ስለዚህ ነቀዙ ከማንም ቤት አልገባም፣ ከእህሉ ጋር ነው የመጣው። የነቀዝ እናት ፍሬውን ሰርስራ እንቁላሏን ውስጡ ትጥላለች፣ ቀዳዳውንም ትደፍነዋለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ ፍሬው ውስጥ ሆኖ እየበላ ያድጋል፤ በሞቃት ቦታ ወደ አምስት ሳምንት ገደማ ፈጅቶ ይወጣል። በርክክብ ቀን ዓይን ሊያየው አይችልም ነበር።

ለሁሉም ቤት መልእክት ላክሁ፦ ስንዴያችሁን ስስ አድርጋችሁ ፀሐይ ላይ አስጡ፣ ንፉት፣ ቀድማችሁ ተጠቀሙበት። ማቀዝቀዣ ያለው ሰው በትንሽ በትንሹ ለጥቂት ቀናት በረዶ ክፍል ውስጥ ቢያቆየው በፍሬው ውስጥ ያለውም ይሞታል። ሁለት ቤቶች ቀድመው አይተው ኖሮ ከእኛ ደብቀውት ነበር፤ የራሳቸው ቤት ጥፋት መስሏቸው። ማሰሮው ያን ሐሳብ ስላስቀረላቸው ደስ ብሎኛል።

ቀን 52

የምግብ ዘይት ግዢ። ወደ 24 ቤቶች ተመዝግበዋል፤ ከስንዴው ከወጡት አምስት ቤቶች አራቱም አሉበት። እዚህ የአንድ ሊትር የችርቻሮ ዋጋ 100 ነጥብ ነው እላለሁ። አንድ አከፋፋይ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን በ1,860 አቀረበ፤ ሊትሩ 93 ነው። ሌላው «ባለ 20» ጀሪካን በ1,920 አለን። ኮሚቴው የመጀመሪያውን ሊያዝ ሲል የሁለተኛውን ጽሑፍ በደንብ አነበብሁት፤ 20 ኪሎ ይላል።

ዘይት ከውኃ ይቀላል፤ የአንድ ሊትር የምግብ ዘይት ክብደት 0.92 ኪሎ ገደማ ነው። 20 ኪሎ ዘይት 21 ሊትር ከ7 ዴሲሊትር ያህል ይሆናል። 1,920ን በዚያ ስናካፍል ሊትሩ 88 ነጥብ ገደማ ነው። ውድ የመሰለው ረከሰ። ሁለተኛውን አዘዝን።

ቀን 57

በርክክቡ ላይ ሾፌሩ እንዲጠብቅ ቀድመን ተስማምተን ነበር። እያንዳንዱን ጀሪካን መዘንን። አንዱ 3 ኪሎ ጎድሎት ተገኘ፤ ስንገለብጠው ከክዳኑ ሥር ያፈስሳል። ፊርማ ከመስጠታችን በፊት ስለሆነ ሾፌሩ መልሶ ጫነውና ሌላ ሰጠን።

ቀን 58

ሙሉ ጀሪካን የፈለጉት እንደታሸገ ወሰዱ። ለሁለት የተካፈሉትን ግን በሊትር ሳይሆን በሚዛን አካፈልናቸው። ዘይት ሲሞቅ ይሰፋል፤ የሙቀት መጠኑ በ15 ዲግሪ ቢለያይ 20 ሊትሩ ላይ ሁለት ዴሲሊትር ያህል ልዩነት ይመጣል፤ ጠዋት የሰፈረውና ከሰዓት በኋላ የሰፈረው እኩል አይሆኑም። ክብደቱ ግን አይለወጥም። ባዶውን ጀሪካን ግማሽ ሰዓት ገልብጠን አንጠባጠብነው። መዛኙ ሚዛኑ ቁጥሩ ላይ ሲደርስ እጁን አነሣ።

የስንዴው መጠባበቂያ አልተነካም፤ 3,328 ነጥብ በ39 ሰው ስም ተጽፎ አለ። ተመልሰው ለገቡት አራት ቤተሰቦች አዲስ ገጽ ከፈትሁላቸው፤ ከዜሮ ጀመሩ።